«ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ» አልኳት፤ ያመጣችውን ሳነበው አፈርኩ

ሬዚደንቱ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ የአማካሪው ድርጅት ሬዚደንት መሐንዲስ ነኝ። ከእኔ ስር አንዲት ጁኒየር ሲቪል መሐንዲስ አለች፤ አብረን ከሠራን ሁለት ዓመት ተኩል ሆነን። ጎበዝ ናት። አሁን ለማስተርስ እያመለከተች ነው። አንዱ ጀርመን፣ በዳአድ ስኮላርሺፕ። ሌላው አሜሪካ። ሁለቱም ከአለቃ ሪኮመንዴሽን ይፈልጋሉ።

እኔም እንደለመድነው «ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ» አልኳት። በማግስቱ አንድ ገጽ ሙሉ አመጣች። ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ፣ የሥራ ጫና የምትችል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ «እሱ» ይላል። ከሌላ ሰው ደብዳቤ እንደተገለበጠ ያኔ ገባኝ። እሱስ ይስተካከላል። ያሳፈረኝ ደብዳቤው ውስጥ እሷ አለመኖሯ ነው። ስሙን ብንቀይረው ለጥበቃችንም ይሆናል።

እኔው ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። ሁለት መስመር ጻፍኩና ቆምኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ደግሞ የአሜሪካው ፎርም ሠንጠረዥ አለው፤ «ካየኋቸው ሰዎች ከላይ 5 በመቶ ውስጥ፣ 10 በመቶ ውስጥ» እያለ ምልክት አድርግ ይላል። በሕይወቴ የመራኋቸው ጁኒየሮች ሰባት ናቸው። የሰባት 5 በመቶ ስንት ነው? ቢሯችን የራሱ ኢሜይልም የለውም፤ ሁላችንም በጂሜይል ነው የምንሠራው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሒሳቡ_ልክ

ወንድሜ ራስህን አታድክም። ሰው ኃይል ጋ ሂድ፣ ፎርማት አላቸው። ዋናው የድርጅቱ ሄዲንግ ያለው ወረቀት፣ ክብ ማህተም፣ የወጪ ቁጥርና ቀን ነው። ፈራሚው ደግሞ አንተ ሳትሆን ዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ ማዕረግ ያለው ፊርማ ይከብዳል። ከዚያ ፖስታ ውስጥ አሽገህ መዝጊያው ላይ ማህተም። ይኸው ነው። እኔ ከ10 ዓመት በፊት እንዲህ አድርጌ ነው ያለፍኩት።

ቢጫ_ሄልሜት

ርዕሱን ሳይ ልቤ ዘለለ። እኔም ደብዳቤ ከተከለከልኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ከድርጅቱ ለቅቄያለሁ፣ ግን የቶታል ስቴሽን ባትሪ ቻርጀር አላስረከብክም ብለው ክሊራንስ አልሰጥም አሉኝ። ቻርጀሩን የወሰደው ሰርቬየሩ ነው፤ እሱ ከእኔ በፊት ለቋል። የሥራ ልምዴን ሳይጽፉ የመያዝ መብት አላቸው? የምታውቁ ካላችሁ።

ሬዚደንቱ

@ቢጫ_ሄልሜት ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው መሰለኝ ወንድሜ። የሥራ ልምድ ሳይሆን ሪኮመንዴሽን ነው እኔ የያዝኩት።

ላብ_ያሳደጋት

ሁለቱ ወረቀቶች እየተደባለቁ ስለሆነ ልግባበት። አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተወሰኑ ዓመታት የማስተርስ ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዷ ነበርኩ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ፋይል ሲደርሰኝ እደሰት ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ጋ ስደርስ ግን እተክዛለሁ።

ሰው ኃይል የሚጽፈው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ። እሱም ያስፈልጋታል፤ የዳአድ የኢፖስ ፕሮግራም ከሆነ ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራቷ የሚረጋገጠው በእሱ ነው። ሪኮመንዴሽን ግን የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያየ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን በደረጃው ላይ ቢያገኛት ስሟን ያውቃል? ካላወቀ ደብዳቤው ያሳብቅበታል። የሚያነበው ሰው ማዕረግ አይደለም የሚፈልገው፤ «ይህ ሰው በየስንት ቀኑ ያገኛታል?» ነው የሚለው።

@ሒሳቡ_ልክ የሄዲንጉና የማህተሙ ነገር ለጀርመኑ ልክ ነህ። ሄዲንግ፣ ፊርማ፣ ማህተምና የቅርብ ቀን ይፈልጋሉ። የታሸገ ፖስታው ግን አይሆንም፤ ደብዳቤው ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር ክፍት ሆኖ ነው የሚገባው። ለአሜሪካው ደግሞ ወረቀቱን እሷ አትነካውም። ስምህንና ኢሜይልህን ትሞላለች፣ ሊንኩ በቀጥታ ለአንተ ይመጣል፣ አንተው ትጭናለህ።

አሁን ሬዚደንቱ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ቅጽል ሳትጠቀም መልስልኝ። ይህች ልጅ ባትኖር ኖሮ ሳይታችሁ ላይ ምን ይበላሽ ነበር?

ሬዚደንቱ

እንደሱ ብለሽ ስትጠይቂኝ ቶሎ የመጣልኝ የክረምቱ ጉዳይ ነው።

ሲ-25 ኮንክሪት እየሞላን ነበር። ጥንካሬው እንዲለካ በ7 ቀን የሚሰበሩት የኮንክሪት ናሙና ኩቦች 17 ሜጋፓስካል አካባቢ እንዲመጡ እንጠብቃለን። አንዳንዱ 18፣ 19 ይመጣል። አንዳንዱ 13። ተቋራጩ ሲሚንቶው ነው ብሎ ፋብሪካ እንቀይር አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አምኜው ነበር። ደብዳቤውን ሁሉ ጀምሬለት ነበር።

እሷ ግን የኩብ መዝገቡንና የሳይት ዲያሪውን ጎን ለጎን አድርጋ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ አለች። ሰኞ መጥታ «ጋሼ፣ የወረዱት ውጤቶች 11 ናቸው። ከ11ዱ ዘጠኙ የተሞሉት ሌሊት ዝናብ ባደረበት ማግስት ነው» አለችኝ። ከዚያ ከአሸዋው ክምር አንድ ኪሎ መዝና ጥበቃው ቤት ምድጃ ላይ በብረት መጥበሻ አደረቀችው። 940 ግራም ሆነ። ከ6 በመቶ በላይ ውሃ ማለት ነው።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ለእሱ የምንጨምረው አሸዋ ወደ 100 ኪሎ፣ ውሃ 25 ሊትር። አሸዋው ብቻውን 6 ሊትር ይዞ እየገባ የሚክሰሩ ልጅ እንደልማዱ 25 ሊትሩን ይደፋል። 31 ሊትር ሆነ። የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔያችን ከ0.5 ወደ 0.62 ወጣ፤ ውሃ ሲበዛ ደግሞ ኮንክሪቱ ይደክማል። ሲሚንቶው ምንም አልነበረበትም።

አሸዋው ላይ ሸራ ተዘረጋ። ጠዋት ጠዋት በመጥበሻው እየተለካ ውሃው ይቀነሳል። ለውሃው ምልክት የተደረገበት አንድ ባልዲ ተመደበ፤ ሌላ ዕቃ ክልክል። ከዚያ በኋላ 13 አላየሁም።

አርማታ

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን አንድ ነገር። አሸዋውን በሳጥን ነው ወይስ በሚዛን የምትለኩት? በሳጥን ከሆነ እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ሳጥኑ ሙሉ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው አሸዋ ከደረቁ ያንሳል። ስለዚህ ውሃው ስድስት ሳይሆን አምስት ሊትር ገደማ ነው የሚሆነው። አሸዋው ራሱም የሚጠጣው ውሃ አለ።

ሬዚደንቱ

በሳጥን ነው። እሷም አንስታው ነበር ይህንን፤ እኔ ነኝ ለማሳጠር የዘለልኩት።

ላብ_ያሳደጋት

ሬዚደንቱ፣ ደብዳቤህን ጽፈኸው ጨርሰሃል። አሁን የነገርከንን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ብቻ ነው የቀረህ።

ምን እንደሚታየኝ ልንገርህ። አንባቢው ይህን ሲያነብ «ተንታኝ አእምሮ አላት» ብለህ ልትነግረው አያስፈልግም። ቅዳሜዋን መዝገብ ላይ ስታሳልፍ አይቷታል። አለቃዋ በተሳሳተ ምክንያት ደብዳቤ ሊጽፍ ሲል በቁጥር እንደመለሰችውም አይቷል። አንተ ተሳስተህ እንደነበር አትደብቀው። እንዲያውም ደብዳቤውን የሚያሳምነው እሱ ነው፤ የራሱን ስህተት የሚጽፍ ሰው ለማሞገስ ብሎ አይዋሽም ይባላል።

አጀማመሩ አጭር ይሁን። አንተ ማን ነህ፣ ስንት ዓመት ሠርተሃል፣ እሷን ከመቼ ጀምሮ ታውቃታለህ፣ በቀን በቀን ትገናኛላችሁ ወይስ በሳምንት። ሦስት መስመር ይበቃል። ከዚያ ታሪኩ። ሳትቸኩል፣ ከነቁጥሩ፣ የአርማታንም ሳጥን ጨምረህ፤ የቁስ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ካነበበው እሱን ነው የሚፈልገው። ሐሳቡ በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ነው፦

«በክረምቱ ወራት የኩብ ውጤቶቻችን ያለ ግልጽ ምክንያት ይወርዱ ነበር። እኔ ጥርጣሬዬን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ ነበር። እሷ፣ ማንም ሳያዛት፣ የመሙያ ቀኖቹን ከዝናብ መዝገቡ ጋር አስተያየች፤ ከ11ዱ ደካማ ውጤቶች ዘጠኙ ከዝናብ ማግስት እንደሆኑ አሳየችኝ። የአሸዋውን እርጥበት በመጥበሻ ለካች፤ በእያንዳንዱ ከረጢት ሲሚንቶ አምስት ሊትር ያህል ያልታሰበ ውሃ እየገባ ነበር። እርምጃው ከተወሰደ ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም።»

ተመልከት፣ እሷን የሚያሞግስ አንድም ቅጽል የለም። ከ«ታታሪና ሰዓት አክባሪ» ጋር አስተያየው።

እንግሊዝኛዬ የሳይት እንግሊዝኛ ነው ብለህ አትፍራ። አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ከመሐንዲስ የሚጠበቅ ነው። እኔን የሚያስጠረጥረኝ በጣም ያማረው ነው።

ገና_ጀማሪ

ሬዚደንቱ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁት ነኝ። አምና ሳመለክት ሦስቱም «ጻፈውና አምጣ» አሉኝ፤ ሁለት አስተማሪና አንድ አለቃ። ሦስቱንም እኔው ጻፍኩ። ፊደሉን ቀየርኩ፣ አንዱን በታይምስ፣ አንዱን በአሪያል። አራት ቦታ ነው ያመለከትኩት፣ አራቱም ጋ አልተሳካም። በደብዳቤው ይሁን በውጤቴ አላውቅም። ግን አሁን ሳነባቸው ሦስቱም ላይ «ያለ ምንም ማቅማማት» የሚል አለ።

ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ያፍራል። እኔም የሠራሁትን ትልቁን ነገር ትቼ «ታማኝ ነው» ብዬ የጻፍኩት በሐፍረት ነው። የእርሶም ልጅ እንደዚያ ይመስለኛል።

ላብ_ያሳደጋት

ሦስት ደብዳቤ ከአንድ እጅ ሲወጣ ይታወቃል፤ ፊደሉ አያድንም። ያንተ ፋይል በእሱ ይሁን በሌላ እኔም ልነግርህ አልችልም። አንዳንዱ የኦንላይን ፎርም ደግሞ መጨረሻ ላይ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብለህ እንድታረጋግጥ ይጠይቃል፤ ፈራሚውም ባልጻፈው ነገር ይዋሻል ማለት ነው።

ሬዚደንቱ፣ ከእሷ ረቂቅ ሳይሆን ማስታወሻ ጠይቅ። የት የት እንደምታመለክት፣ መዝጊያ ቀኑ፣ ለምን ያንን ትምህርት እንደመረጠች፣ አብራችሁ ከሠራችሁት እሷ የምታስታውሰው ሁለት ሦስት ነገር። ግማሽ ገጽ። የተረሳህ ነገር ያስታውስሃል፣ ቃሉ ግን ያንተ ይሆናል።

ሒሳቡ_ልክ

እሺ፣ ፖስታው ላይ ተሸንፌያለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ግን አልሸነፍም። ሁሉንም «ከላይ 1 በመቶ» ላይ ምልክት አድርግ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንተ ብቻ ሐቀኛ ሆነህ «10 በመቶ» ብትል ልጅቷን ትጎዳታለህ። ውድድር ነው።

ላብ_ያሳደጋት

እኔ ሁሉም አንድ መስመር ላይ የተደረደረ ምልክት ሳይ ዓይኔ ዘሎት ያልፋል። ቃሉን ነው የማነበው። «እስካሁን ከመራኋቸው ሰባት ጁኒየር መሐንዲሶች አንደኛዋ ናት» የሚለው ከየትኛውም በመቶኛ ይበልጥብኛል፤ ሰባት ትንሽ ቁጥር መሆኑን ራሱ ይናገራልና። እውነት ከሆነ ግን ነው። ሁለተኛ ከሆነች ሁለተኛ በል። ብዙ ፎርም ላይ «ለመፍረድ በቂ አላየሁም» የሚል ሳጥንም አለ። ለምሳሌ የምርምር ችሎታዋን ካላየህ እሱን ምልክት አድርግ፣ ነውር የለውም።

ግን ሒሳቡ_ልክ ያለው ስጋት ከንቱ አይደለም። እኔ ያነበብኩት አውሮፓ ነው። አሜሪካ ያሉት ሰዎች ሠንጠረዡን እንዴት እንደሚያዩት ከዚያ ያለ ሰው ይንገረን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አሜሪካ አለሁ፣ ግን ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ ስለ ሠንጠረዡ የምለው የለኝም። የራሴን ጉድ ግን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማል።

ዲግሪዬን የያዝኩት በፈረንጆች 2013 ነው፤ ሥራ የጀመርኩት መስከረም 2006 በእኛ። አለቃዬ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ከሴፕቴምበር 2006 ጀምሮ» አለ። ወሩን ቀየረ፣ ዓመቱን ረሳ። ዩኒቨርሲቲው ሲያየው ከመመረቄ ሰባት ዓመት በፊት መሐንዲስ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። «እባክህ አስረዳን» የሚል ኢሜይል መጣ። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ጽፌ፣ አለቃዬን ከፊልድ አስጠርቼ፣ እንደገና አስፈርሜ፣ ሁለት ሳምንት ሄደ። እግዜር ሲረዳኝ መዝጊያው አላለፈም ነበር።

ስለዚህ ሬዚደንቱ፣ የእሷን ሲቪ፣ የሰው ኃይሉን ወረቀትና ያንተን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርገህ ቀኖቹን አስተያይ። ስሟንም። ፓስፖርቷ ላይ ያለው አጻጻፍ ሦስቱም ላይ አንድ ይሁን። የእኔ አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ነበር።

ሌላም አለ። የአሜሪካው ፎርም እሷን «ደብዳቤውን የማየት መብትሽን ትተዪዋለሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃታል። ፌርፓ የሚባል የ1974 ሕግ ነው። «አዎ» ካለች ተቀብለዋት ገብታም ቢሆን ደብዳቤውን አሳዩኝ ማለት አትችልም። እዚህ ያሉት «አዎ» እንድትል ነው የሚመክሩት፤ አንባቢው ጸሐፊው በነፃነት ጻፈ ብሎ ያምናል። ልጅቷ ግን እንዳትደነግጥ ቀድመህ ንገራት።

ሬዚደንቱ

የእኛም ሰው ኃይል ወረቀት «ከሐምሌ 2014» ይላል። አሁን አወጣሁት። በፈረንጅ 2022 መሆን አለበት። እግዜር ይስጥህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጅቷ ሪፖርት ላይ ደካማ ነበረች። የመጀመሪያው ዓመት የወር ሪፖርቷ 40 ገጽ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ትጽፋለች፣ ዋናውን ለማግኘት መቆፈር ነው። አሁን ተሻሽላለች፣ 12 ገጽ ደርሳለች፤ ግን አሁንም ይረዝማል። ይህ ይጻፍ?

አርማታ

በጭራሽ። በእኛ ሰው ደብዳቤ ላይ ድክመት ካየ ሌላው ሁሉ ይረሳል። ምን አገባህ? ካልጠየቁህ አትናገር።

ላብ_ያሳደጋት

እኔ እጽፈዋለሁ፤ ከ40 ወደ 12 መውረዱን ጨምሬ። ድክመት ሲጻፍ ከነመሻሻሉ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ወቀሳ ነው የሚሆነው። አንዳንድ ፎርም ደግሞ በቀጥታ «ድክመቷ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ «ሥራ ታበዛለች» የሚለውን ቀልድ የሚጽፍ አለ፤ እባክህ አንተ አትጻፈው።

አርማታ

አልተስማማሁም። አንቺ ፍትሐዊ አንባቢ ስለሆንሽ ነው። ሁሉም እንዳንቺ አያነብም።

ላብ_ያሳደጋት

እሱስ እውነት ነው።

ጂሜይሉን በተመለከተ፦ የቢሮ ኢሜይል ብቻ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። እሷ አሁኑኑ ለፕሮግራሙ ቢሮ ጽፋ ትጠይቅ፤ «ድርጅቱ የራሱ ኢሜይል የለውም» ብላ በግልጽ። አንተ ደግሞ ደብዳቤውን በሄዲንግ ወረቀት አድርገህ የቢሮውን ስልክ አስገባ። ደውለው ካጣሩ የሚያነሳው ሰው ስሟን ይወቅ።

ሬዚደንቱ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ደብዳቤውን ጨረስኩ። አንድ ገጽ ከሩብ። ኩቡ ገብቷል፣ መጥበሻው ገብቷል፣ የእኔም ስህተት ገብቷል። «ከሰባቱ አንደኛ» ብያለሁ፤ አንድ ሌሊት አስቤበት ነው፣ እውነት ነው። ሪፖርቱን አንድ መስመር አድርጌ ከነመሻሻሉ ጻፍኩት፤ አርማታ ይቅር በለኝ። ሠንጠረዡን ገና አልነካሁም።

አንድ አዲስ ችግር ግን መጣ። የጀርመኑ ማመልከቻ ከተቻለ «ስትመለስ መልሰን እንቀጥራታለን» የሚል ማረጋገጫ ከድርጅቱ ይፈልጋል። ሰው ኃይል እምቢ አሉ። የእሷ ቅጥር የፕሮጀክት ኮንትራት ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅ ያልቃል። «የሌለ መደብ እንዴት ቃል እንገባለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሒሳቡ_ልክ

ጻፉ በላቸው ባክህ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል።

ላብ_ያሳደጋት

እንዲዋሹ አታስገድዳቸው። «ከተቻለ» ነው የሚለው። የኮንትራቱን ሁኔታ ገልጾ «ተስማሚ መደብ ሲኖር ቅድሚያ እንሰጣታለን» የሚል ደብዳቤ ያለባቸው ፋይሎች አይቻለሁ። ምን ያህል እንደሚረዳት ግን ቃል አልገባልህም።

ቢጫ_ሄልሜት

የእኔን ጉዳይ የሚያውቅ አልተገኘም ማለት ነው? ቻርጀሩን ገዝቼ ልስጣቸው እያሰብኩ ነው።

ሬዚደንቱ

@ቢጫ_ሄልሜት ግዛና ተገላገል፣ ግን ያስረከብክበትን በፊርማ ተቀበል።

ለሁላችሁም፦ የአሜሪካው ሊንክ እስካሁን አልደረሰኝም። እሷ ከአምስት ቀን በፊት ሞልቼዋለሁ ትላለች። መዝጊያው እሑድ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስፓም ውስጥ አይተሃል?

ሬዚደንቱ

እዚያ ነው። ከአንድ የሎተሪ ማስታወቂያ ሥር።